አዲስ ፊልም ተብሎ የወረደው ፋይል ቴሌግራሜን ወሰደብኝ፤ ላፕቶፑ አሁን ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፣ ዓርብ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜ ገና በውጭ አገር ሲኒማ ቤቶች እየታየ ያለ ፊልም ለማየት ፈልጎ፣ አዳዲስ ፊልሞችን በነጻ ያሳያል ከተባለ ድረ ገጽ ላይ በእኔ ላፕቶፕ አወረደው። እንደነገረኝ ከሆነ፣ የማጫወቻውን ምልክት ሲነካ ፊልሙ በመጀመር ፈንታ ሌላ ገጽ ተከፈተ፤ እሱን ዘግቶ ደግሞ ሲሞክር ሌላ ተከፈተ፤ በሦስተኛው ላይ «ጥራት ያለውን ቅጂ እዚህ ያውርዱ፣ መጠኑ 1.4 ጊጋባይት» የሚል አገኘ። የወረደው በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ሲሆን የይለፍ ቃሉ እዚያው ገጹ ላይ ተጽፎ ነበር። ፈትቶ ሲከፍተው የቪዲዮ ምልክት ያለው አንድ ፋይል ብቻ አገኘ። ሁለቴ ሲጫነው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ የፊልሙ ትሬይለር ሁለት ደቂቃ ያህል ታይቶ አበቃ። ልጁም «ጎደሎ ነው ያወረድሁት» ብሎ ትቶት ተኛ።

ሰኞ ጠዋት ደሴ ያለችው አክስቴ ደውላ «ብሩ ደረሰህ ወይ?» አለችኝ። ለካ ከእኔ ቴሌግራም ለአሥራ አንድ ሰው «ቸግሮኛል፣ ለዛሬ ብቻ» የሚል መልእክት ተልኮ ኖሯል። ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ካበራሁ ዓመት አልፎኛል፤ የመግቢያ ኮድም አልመጣልኝም። በስልኬ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ባየው ስልኬና ይኸው ላፕቶፕ ብቻ ናቸው። በአንቲ ቫይረስ ስፈትሽ ሁለት ነገር አግኝቶ አጠፋ፤ አሁን «ስጋት የለም» ይላል። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ ላፕቶፑ በእርግጥ ንጹሕ ነው? ወንድሜስ ሳይከፍተው በፊት በምን ሊያውቅ ይችል ነበር?

ፒያሳ ፊልም ጫኝ (ደሴ)፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔ ደሴ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት በፍላሽ ፊልም ስጭን የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ይህ የምናውቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው። እኛ ቤት በቀን አምስት ፍላሽ በዚሁ ምክንያት ይመጣል። በኮማንድ መስኮት ውስጥ ይህን ብትጽፍ (የፍላሹን ፊደል ለውጠህ) ፋይሎችህ ይመለሳሉ፤

```
attrib -h -r -s /s /d E:\*.*
```

ለወደፊቱ ደግሞ በፋይል መስኮቱ ላይ View ውስጥ ገብተህ «File name extensions» የሚለውን አብራ። ከዚያ በኋላ ስሙ በ`.exe` የሚያልቅ ከሆነ አትንካው፤ በ`.mkv` ወይም በ`.mp4` የሚያልቅ ከሆነ ግን ያለ ሐሳብ ክፈተው፤ ቪዲዮ ቫይረስ አይዝም። ድረ ገጹም ቢሆን አድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ካለው ደህና ነው፤ ከሌለው ሽሽ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ዓርብ ከምሽቱ 4፡05

የፒያሳው ወንድማችን ከተናገረው ግማሹ ልክ ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ልጁን ዳግመኛ እዚያው ወጥመድ ውስጥ ሊከተው ይችላል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ። ኮምፒውተር መጠገን ሥራዬ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በየጊዜው አያለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንይ። ቦርከና ዳር፣ ዚፑ አሁንም Downloads ውስጥ አለ? ካለ አትፍታው። ነገር ግን ሁለቴ ተጭነህ እንደ ፎልደር ብትከፍተው፣ የይለፍ ቃል ሳያስፈልግህ በውስጡ ያለውን ፋይል ስም ታያለህ፤ የተለመደው የዚፕ ቁልፍ የሚቆልፈው ይዘቱን እንጂ ስሙንና መጠኑን አይደለም። በዝርዝር አቀማመጥ ስታደርገው Type፣ Compressed size፣ Size እና Ratio የሚሉ ዓምዶች ይታያሉ። በውስጡ ያለውን ፋይል ሳትነካ በእነዚህ ዓምዶች ሥር የተጻፈውን ብቻ እዚህ ገልብጥልን። ከዚያ በፊት ግን ላፕቶፑን ከዋይፋይ አላቅቀው።

ቦርከና ዳር፣ ዓርብ ከምሽቱ 4፡30

አለ። የፊልሙ ስም፣ ዓመቱ፣ ከዚያ «1080p» ይልና በ`.mkv` ያልቃል። Type በሚለው ሥር Shortcut ይላል። Size 3 KB። የሚገርመው ግን ፒያሳ ፊልም ጫኝ እንዳለኝ የስም መጨረሻውን እንዲያሳይ አብርቼዋለሁ፤ አሁንም የሚታየኝ `.mkv` ነው።

ጦሳ ሥር፣ ዓርብ ከምሽቱ 5፡10

ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ዊንዶውስ ሲመጣ የፋይል መጨረሻዎችን ደብቆ ስለሆነ፣ `film.mkv.exe` የተባለ ፋይል `film.mkv` ሆኖ ይታያል። «File name extensions» ሲበራ ይህ ተንኮል ይጋለጣል፤ ምክሩ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ሾርትከት ግን ከዚህ ሕግ የተለየ ነው። ትክክለኛ መጨረሻው `.lnk` ሲሆን፣ ዊንዶውስ ይህንን ቅንብሩ ቢበራም እንኳ አያሳይም። ስለዚህ የወንድምህ ፋይል እውነተኛ ስሙ በ`.mkv.lnk` የሚያልቅ ነው። «በ`.mkv` ካለቀ ያለ ሐሳብ ክፈተው» የሚለው ምክር አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እውነተኛውን ስም ለማየት የType ዓምድን ማንበብ፣ ወይም ኮማንድ መስኮት ከፍቶ ፋይሉ ባለበት ፎልደር ይህንን መጻፍ ነው፤ ኮማንድ መስኮቱ አይደብቅም።

```
dir /a
```

ሾርትከት ደግሞ በውስጡ ቪዲዮ የለውም፤ ያለው «ሂድና ይህንን አስኪድ» የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ምልክቱንም የሠራው ሰው እንደፈለገ መርጦ ያስቀምጥበታል፤ የቪዲዮ ማጫወቻ ምልክት ለብሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ብልጭ ብሎ የጠፋው ጥቁር መስኮት ያ ትእዛዝ ሲሄድ የታየ ነው። ትእዛዙ በኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀድሞ ያለውን ፓወርሼል የተባለ የትእዛዝ ማስኬጃ ይጠራል፤ ፓወርሼል ደግሞ ዋናውን ሌባ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ትሬይለሩም በስሕተት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ማንዲያንት የተባለው የጉግል የደኅንነት ድርጅት ሌቦች ልክ እንዲህ ባለ ዘዴ እንደሚሠሩ አጋልጦ ነበር፤ ያለፈቃድ የተባዛ ፊልም መስሎ የሚወርድ ዚፕ፣ በውስጡ ሾርትከት፣ ከበስተኋላ ሉማ የተባለውን ዓይነት መረጃ ሰራቂ ፕሮግራም የሚያመጣ ሰንሰለት፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ተመልካቹ እንዳይጠራጠር እውነተኛ ትሬይለር ማጫወት። ወንድምህ «ጎደሎ ነው» ብሎ እንዲተኛ የታሰበበት ነበር።

ይህ ከድሮው የሾርትከት ቫይረስ ይለያል። የድሮው ፎልደሮቻችንን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጥ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመት ነበር፤ `attrib` የተደበቀውን ይገልጣል። እዚህ ግን የተደበቀ ነገር የለም፤ የተወሰደ እንጂ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሥራውን በደቂቃዎች ጨርሶ ብራውዘሩ ያስቀመጣቸውን የይለፍ ቃሎች፣ ኩኪዎችንና የቴሌግራምን ፎልደር ጠቅልሎ ይልካል። አንቲ ቫይረሱ ሰኞ ቀን ያጠፋው ሌባው የረሳውን መሰላል ነው።

የሆጤ እናት (ደሴ)፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1፡20

እንደምን አደራችሁ። እኔ ጥያቄውን በደንብ ላልረዳው እችላለሁ፤ ኮምፒውተር የለኝም። ነገር ግን ልጄ ፊልም የሚያየው በስልክ፣ በቴሌግራም ቻናል ነው፤ ድረ ገጽ አይገባም። ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ ሲነካ «ማጫወት አልተቻለም፣ በሌላ ማጫወቻ ይሞክሩ» ብሎት፣ ከዚያ ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ አፕ ለመጫን ፈቃድ ጠየቀው። ልጁ ጠርቶ አሳየኝ፤ ደስ ስላላለኝ አጠፋሁት። ይህም ከዚሁ ጋር ይገናኛል ወይስ ሌላ ነው?

ጦሳ ሥር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡45

እመቤቴ፣ እንደምን አደሩ። በሚገባ ይገናኛል፤ ያደረጉትም ልክ ነው። ቪዲዮ ለመታየት አዲስ አፕ መጫን አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢሴት የተባለው የደኅንነት ድርጅት ያገኘው አንድ ክፍተት ነበር፤ በአንድሮይድ ቴሌግራም ላይ የሚጫን አፕ፣ ማለትም `.apk` ፋይል፣ የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ መስሎ በቻናልና በግሩፕ ውስጥ ይታይ ነበር። ሲነኩት እርስዎ የገለጹትን ዓይነት መልእክት ያመጣል፤ ተጠቃሚው ፈቃዱን ከሰጠ አፑ ይጫናል። ቴሌግራም በጁላይ 2024 በ10.14.5 ዕትም ዘግቶታል። የልጁ ቴሌግራም ዕትም Settings ውስጥ ገብተው እስከ ታች ሲወርዱ ይታያል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ያድሱት። የታደሰ ከሆነና እንዲያ ያለ ጥያቄ ከመጣ ግን ነገሩ ያ ክፍተት ላይሆን ይችላል፤ ማንም ሰው አፕን በፊልም ስም ጠርቶ ቻናል ላይ ሊለጥፍ ይችላልና። ፈቃዱን አለመስጠት በሁለቱም ይሠራል። አሁንም Settings ውስጥ «Install unknown apps» ብለው ይፈልጉና ቴሌግራም ፊት ለፊት ያለውን ያጥፉት።

ሐይቅ ማዶ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4፡00

ነገሩ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። እኔ ማስታወቂያ የሚከለክል ነገር በብራውዘሬ ላይ ጭኜ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእንደነዚህ ያሉ ድረ ገጾች ፊልም አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ምንም አልሆንሁም። ችግሩ ያለው ያገኙትን ሁሉ በሚጫኑ ልጆች ላይ ነው። ደግሞስ አማራጩ ምንድን ነው? አዲሶቹ የውጭ ፊልሞች እኛ ጋ ሲኒማ አይመጡም፤ ለውጭ አገልግሎት እንዳልከፍል የእኔ የባንክ ካርድ እዚያ አይሠራም።

ጦሳ ሥር፣ ቅዳሜ ከቀኑ 6፡30

ስለ ካርዱ የምመልሰው የለኝም፤ እውነት ነው፣ እኔንም አስቸግሮኛል። ማስታወቂያ መከልከያውም ጠቃሚ ነው፤ በተለይ የማጫወቻውን ምልክት ሲነኩ ወደ ሌላ ገጽ የሚወስደውን ሰንሰለት ብዙውን ጊዜ ይቆርጠዋል። ይህ ሰንሰለት ቀላል ነገር አይደለም። ማይክሮሶፍት በማርች 2025 ባወጣው ዘገባ፣ በዲሴምበር 2024 መጀመሪያ ላይ ካስተዋለው አንድ ዘመቻ ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ መሣሪያዎች ተነክተዋል፤ መነሻው ያለፈቃድ ፊልም የሚያሳዩ ድረ ገጾች ላይ በቪዲዮው ማጫወቻ ውስጥ የተቀበረ ማስታወቂያ ነበር። ሰውየው በአራትና በአምስት ገጾች እየተንከባለለ መጨረሻ ላይ የሚያወርደው ፋይል በአብዛኛው የተቀመጠው GitHub ላይ ነበር፤ ማለትም ፕሮግራመሮች ሁሉ የሚያምኑት፣ የቁልፍ ምልክትም ያለው አድራሻ። ፒያሳ ፊልም ጫኝ፣ ቁልፉ የሚነግረን መሥመሩ ላይ ሌላ ሰው እንደማያዳምጥ ነው፤ ከመሥመሩ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሌባ ይሁን ታማኝ አይነግረንም።

«ምንም አልሆንሁም» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን አያዘገይም፣ ፋይል አይደብቅም፣ ገንዘብ ክፈል የሚል ጽሑፍ አያወጣም። ቦርከና ዳርም አክስቱ ባትደውል ኖሮ አያውቅም ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልመለስ። እኔ ድረ ገጽን በመልኩ አልመዝንም፤ የሚያምሩ አሉ፣ የማያምሩ ደህናዎችም አሉ። መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ ቅጂ ሊኖር ይችላል ወይ ብዬ ነው። ፊልሙ ገና በሲኒማ ቤት ብቻ እየታየ ከሆነ፣ በተለምዶ የሚወጣው በአዳራሽ ውስጥ በካሜራ የተቀረጸ፣ የሰው ሳል የሚሰማበት ቅጂ ነው። በዚያ ሳምንት ጥርት ያለ «1080p» ወይም «4K» አለኝ የሚል ገጽ ብዙውን ጊዜ የሌለውን ነው የሚሸጠው። ማጥመጃው በአሮጌ ፊልም ላይ ሳይሆን በአዲስ ላይ የሚበዛውም ፈላጊው ብዙ፣ እውነተኛው ቅጂ ግን ገና የሌለ በመሆኑ ነው።

ቀጥዬ የምመለከተው ፊልም ከማየት የተለየ ምን ሥራ እንደሚሰጠኝ ነው። «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ» ብሎ Windows + R፣ ከዚያ Ctrl + V፣ ከዚያ Enter ተጫን የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ወዲያውኑ ዝጉት፤ ገጹ ሳታውቁት ትእዛዝ ገልብጦላችኋል፣ እናንተም በገዛ እጃችሁ ታስኬዱለታላችሁ። ማስታወቂያ መከልከያም ሆነ አንቲ ቫይረስ በራሳችሁ እጅ የጻፋችሁትን ትእዛዝ ለማስቆም ይቸገራል። የይለፍ ቃል ያለው ዚፕም እንዲሁ ነው። ለሕዝብ ሁሉ የተለጠፈ ፊልም የሚቆለፍበት ምክንያት የለም፤ የሚቆለፈው አንቲ ቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው።

አንድ ሌላ መለያ ልጨምር። ቪዲዮ በባሕርይው አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ዚፕ ቢደረግም ከመጠኑ አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ የRatio ዓምድ 0 ወይም 1 ከመቶ ነው የሚለው። 5 ሜጋባይት የሆነ ዚፕ ሲፈታ 700 ሜጋባይት የሚሆን ከሆነ ግን፣ ውስጡ ፊልም ሳይሆን ለማስመሰልና ፍተሻን ለማምለጥ በባዶ የተነፋ ፕሮግራም ነው።

ጋሽ ይመር (ኮምቦልቻ)፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡10

ልጆች፣ የኔም ስልክ ቫይረስ ገብቶበታል። ኳስ ለማየት አንድ ገጽ ገብቼ «Allow» በል ሲለኝ አልሁ፤ ከዚያ ወዲህ በየሰዓቱ «ስልክዎ በ13 ቫይረስ ተይዟል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ጥቅሌም ቶሎ ያልቃል። አንድ ልጅ ፎርማት ይደረግ አለኝ።

ጦሳ ሥር፣ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡35

ጋሼ፣ ፎርማት አያስፈልግዎትም። ማስታወቂያ እንዲልክልዎ ለገጹ ፈቃድ ሰጥተውታል እንጂ ከነገሩን ብቻ ቫይረስ ነው አያሰኝም። ክሮም ውስጥ Settings፣ ከዚያ Site settings፣ ከዚያ Notifications ይግቡና የማያውቁትን ገጽ ፈቃድ ያንሡት። እስከዚያ ድረስ በሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ «አጽዳ» የሚለውን እንዳይነኩ፤ ዋናው አደጋ ያለው እዚያ ነው። ስለ ጥቅሉ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ኳስ በቪዲዮ ማየት ራሱ ብዙ ይበላል።

ቦርከና ዳር፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡50

ጦሳ ሥር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሁለተኛ የይለፍ ቃል እያለኝ፣ የማላውቀው መሣሪያም ዝርዝሩ ውስጥ ሳይኖር እንዴት ገቡ? የይለፍ ቃሎቼን በሙሉ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት በዚሁ ላፕቶፕ ቀይሬያለሁ።

ጦሳ ሥር፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡30

አልገቡም፤ አስቀድሞ የገባኸውን አንተን ገለበጡህ። በላፕቶፑ ላይ ያለው ቴሌግራም በየቀኑ ኮድ የማይጠይቅህ `tdata` በሚባል ፎልደር ውስጥ የመግቢያ ቁልፍህን ስለሚያስቀምጥ ነው። ያንን ፎልደር የወሰደ ሰው ሌላ ቦታ ላይ ሲከፍተው ቴሌግራም የሚያየው ያንኑ ላፕቶፕ ነው፤ ስለዚህ እንግዳ መሣሪያ አይታይህም። መፍትሔው እንግዳውን መፈለግ ሳይሆን የራስህን ላፕቶፕ ከስልክህ ላይ ማስወጣት ነው፤ Settings፣ Devices፣ ከዚያ «Terminate all other sessions»። የብራውዘር ኩኪም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ማክሰኞ የቀየርኸውን ግን እንዳልተቀየረ ቁጠረው፤ ላፕቶፑ ላይ የቀረ ነገር ካለ አዲሱንም ወስዷል። ከስልክህ ላይ፣ ከኢሜይልህ ጀምረህ እንደገና ቀይር፤ የሌሎቹ ሁሉ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በኢሜይል ነውና እሱ ከቀደመ ሌላው ይከተላል። በላፕቶፑ ብራውዘር የባንክ አገልግሎት ተጠቅመህ ከሆነ ሰኞ በአካል ሄደህ ንገራቸው። ከዚያ ዊንዶውሱን ዲስኩን አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫን። አንቲ ቫይረስ «ስጋት የለም» ሲል የሚያውቀው ነገር አላገኘሁም ማለቱ ነው፤ እኔ በዚያ ላይ ተመሥርቼ የባንክ ቁጥሬን አልጽፍም።

ሐይቅ ማዶ፣ እሑድ ከጠዋቱ 3፡00

ቴሌግራሜን ከላፕቶፔ አስወጥቼዋለሁ፤ ለማንኛውም ብዬ ነው። አሁንም ግን ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ ማየት ከማውረድ ይሻላል እላለሁ፤ ፋይል ካልወረደ ምን ሊከፈት ነው?

ጦሳ ሥር፣ እሑድ ከጠዋቱ 3፡40

ካላወረድህ፣ ፈቃድ ካልሰጠህ፣ ትእዛዝ ካልጻፍህና ብራውዘርህ የታደሰ ከሆነ አደጋው ያነሰ ነው፤ ይህንን አልክድም። ከማይክሮሶፍቱ ዘገባ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ሊያዩ እንጂ ሊያወርዱ አልገቡም ነበር።

ፒያሳ ፊልም ጫኝ፣ እሑድ ከምሽቱ 12፡20

ስለ `.lnk` የተባለውን አላመንሁም ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ፊልም በማከማችበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ይህንን አስኬድሁ፤

```
dir /a /s /b *.lnk
```

ወደ ሁለት ሺህ ከሚጠጉ ፋይሎች መካከል አራት ወጡ። ሦስቱ ድሮ ራሴ የሠራኋቸው የፎልደር ሾርትከቶች ናቸው። አራተኛው በ`.mkv.lnk` የሚያልቅ፣ መጠኑ 2 KB፣ ባለፈው ረቡዕ ከአንድ ደንበኛ ፍላሽ ከአዳዲስ ፊልሞች ጋር የገለበጥሁት ነው። እኔ ራሴ ከፍቼው አላየሁም፤ አዲሶቹን ፎልደር ግን ከረቡዕ ወዲህ ቢያንስ ለሰባት ሰው ሙሉውን ጭኛለሁ። የሁለቱን ስልክ አውቃለሁ፣ ደውዬ ነግሬአቸዋለሁ። የቀሩት አምስቱ ለገበያ የመጡ የገጠር ደንበኞች ስለሆኑ የማገኝበት መንገድ የለኝም፤ ወረቀት ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌአለሁ።